ስሜቱ የት ገባ?

በአእምሮ ጤና ፈተናዎች ላይ ተደጋግሞ የሚመጣ አንድ የጥያቄ ዓይነት አለ። ከላይ የስሞች ዝርዝር ይቀመጣል፦ ፕሮጀክሽን፣ ዲስፕሌስመንት፣ ዲናያል፣ ሪአክሽን ፎርሜሽን እየተባለ ስምንትም አሥርም ይደርሳል። ከታች ሦስት ወይም አራት አጫጭር ታሪኮች ይከተላሉ፤ የተፈታኙ ሥራ እያንዳንዱን ታሪክ ከአንድ ስም ጋር ማዛመድ ነው። ስሞቹ የሥነ ልቦና መከላከያዎች ይባላሉ። ሰው ሊሸከመው የከበደውን ስሜት፣ ምኞት ወይም እውነት አእምሮው የሚያርቅባቸው መንገዶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ባለቤቱ ሳያውቃቸው ይሠራሉ።

ትርጉሞቹን አንድ በአንድ በቃሉ የያዘ ተማሪ እዚህ ጥያቄ ላይ ነጥብ ሲጥል ማየት የተለመደ ነው። ትርጉሞቹን የተማረው እያንዳንዱን ለብቻው፣ በጣም ግልጽ ከሆነው ምሳሌ ጋር ነው። ጥያቄ አውጪው ግን ታሪኩን የሚያቆመው በሁለት ጎረቤት መከላከያዎች ድንበር ላይ ነው። ትክክለኛው መልስና አሳሳቹ አማራጭ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ የሚለያቸው ብዙ ጊዜ ታሪኩ ውስጥ የገባች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ተማሪው ባሕርዩን ብቻ አይቶ፣ ሰውዬው ጮኸ፣ ሳቀ ወይም ዝም አለ ብሎ ስም ከፈለገ ይሳሳታል፤ ያው ጩኸት ሦስት የተለያዩ መከላከያዎች ሊሆን ይችላልና። መከተል ያለበት ስሜቱን ነው። መጀመሪያ ያልተፈለገው ስሜት ምን ነበር? ቀጥሎ ምን ደረሰበት፦ ባለቤቱ ተቀየረ፣ የሚያርፍበት ሰው ተቀየረ፣ ወደ ተቃራኒው ተገለበጠ ወይስ ከትዝታው ተነጠለ? በመጨረሻም፣ ሰውዬው ያደረገውን ያውቀዋል?

ይህን በአንድ ታሪክ ላይ እንሞክረው። ታሪኩን አንዴ እንጽፈውና መጨረሻውን ብቻ እየቀያየርን እናየዋለን።

አንዲት ነርስ በውስጥ ደዌ ክፍል ትሠራለች። ጧት በራውንድ ሰዓት የክፍሉ ኃላፊ አንድ መድኃኒት በሰዓቱ አልተሰጠም ብሎ በሐኪሞችና በአስታማሚዎች ፊት ይቆጣታል። መድኃኒቱን መስጠት የነበረበት የሌሊቱ ተረኛ ነው፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ነርሷ ምንም አትመልስም። ያልተፈለገው ስሜት ግልጽ ነው፤ በኃላፊው ላይ ያደረባት ቁጣ። ለምን እንዳልተፈለገም ግልጽ ነው፤ የሥራ አፈጻጸሟን የሚሞላው እሱ ነው፣ ነገም ከነገ ወዲያም አብራው ትውላለች።

በመጀመሪያው አጨራረስ ነርሷ ወደ ቀጣዩ አልጋ ትሄድና በሽተኛው ጎን የተቀመጡትን እናት፣ “አልጋው ላይ አይቀመጡ ብዬ ስንት ጊዜ ልናገር!” ብላ ትጮህባቸዋለች። ቁጣው አሁንም የእሷ ነው፤ አሁንም ቁጣ ነው። የተቀየረው የሚያርፍበት ሰው ብቻ ነው፤ ኃላፊውን የማይደፍረው ቁጣ መልስ ወደማይሰጡት እናት ዞረ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚለው ተረት ይህንኑ ነው የሚናገረው፤ የፈተናው ስም ዲስፕሌስመንት ነው። የዚህ ሐሳብ ታዋቂ ምሳሌ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1909 ያሳተመው የአንድ የቪየና ልጅ ታሪክ ነው። ትንሹ ሃንስ በሚል ስም የሚታወቀው ይህ የአምስት ዓመት ልጅ ፈረስ ይነክሰኛል ብሎ ከቤት መውጣት ፈራ። ፍሮይድ እንደተረጎመው ልጁ በእርግጥ የፈራው አባቱን ነበር፤ ፍርሃቱ ግን ከሚወደውና አብሮት ከሚኖረው አባት ተነሥቶ መንገድ ላይ ሊርቀው ወደሚችለው ፈረስ ተዛወረ። ትርጓሜው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ቢሆንም የመከላከያውን አሠራር በደንብ ያሳያል፤ ስሜቱ ሳይለወጥ አድራሻው ብቻ ይለወጣል።

በሁለተኛው አጨራረስ ነርሷ ለባልደረባዋ፣ “ይህ ሰውዬ እኮ ይጠላኛል፣ ሊያጠፋኝ ነው የሚፈልገው” ትላለች። ብዙ ተማሪ ወዲያው ፕሮጀክሽን ብሎ ይመልሳል። ችኮላ ነው። በሰው ፊት ያለ ጥፋቷ የተቆጣትን ሰው ይጠላኛል ብላ ብታስብ ይህ ተራ ግምት ነው፤ ምናልባትም ትክክል ናት። ፕሮጀክሽን ለማለት ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ ስሜቱ በእሷ ውስጥ እንዳለ የሚያሳይ ምልክት፣ እና በእሱ ውስጥ እንደሌለ የሚያሳይ ምልክት። ስለዚህ ጥሩ ጥያቄ አውጪ እንዲህ ብሎ ይጨምራል፦ ኃላፊው ከሰዓት በኋላ ስህተቱን ተረድቶ ይቅርታ ጠይቋታል፤ ባለፈው ወር ለሥልጠና የመረጣትም እሱ ነው፤ እሷ ግን “እኔ በማንም ላይ ቂም የለኝም፣ ጥላቻው የእሱ ነው” እያለች ትቀጥላለች። አሁን ታሪኩ ተለወጠ። ጥላቻው ከእሷ ወጥቶ የእሱ ንብረት ሆኗል፤ የተቀየረው የስሜቱ ባለቤት ነው።

ዲስፕሌስመንትና ፕሮጀክሽን በፈተና ላይ አብዝተው የሚምታቱት በሁለቱም ውስጥ ሌላ ሰው ስለሚገባ ነው። መለያው ቀላል ነው። “ማን ነው የተቆጣው?” ብሎ ራሷን ነርሷን መጠየቅ ይበቃል። በመጀመሪያው ታሪክ “እኔ፤ እኚህ ሴትዮ አናደውኝ” ትላለች። በሁለተኛው “እሱ” ትላለች።

ሦስተኛው አጨራረስ፦ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነርሷ ለኃላፊው ቡና ታመጣለች፣ በየአጋጣሚው ታመሰግነዋለች፣ ማንም ሳይጠይቃት “እንደ እሱ ያለ አለቃ አይገኝም” ትላለች፤ ባልደረቦቿ ነገሩ እንደበዛ እስኪታዘቡ ድረስ። ቁጣው ወደ ተቃራኒው ተገልብጧል፤ ሪአክሽን ፎርሜሽን ነው። ምልክቱ ደግነቱ ሳይሆን የደግነቱ ብዛትና ግትርነት ነው። ሰውን ይቅር ብሎ በመልካም ፊት ማገልገል መከላከያ አይደለም፤ ኃላፊውን እያወቀች ለጥቅሟ ስትል የምታቆላምጥ ነርስም በዚህ ስም አትጠራም፤ ቁጣዋን አልካደችውም፣ ደብቃዋለች እንጂ።

አራተኛው ከመጀመሪያው ይቀጥላል። ነርሷ በእናቲቱ ላይ ከጮኸች በኋላ ቀኑን ሙሉ እሳቸው ዘንድ ትመላለሳለች፤ ውኃ ታመጣለች፣ ያልቆሸሸውን አንሶላ ትቀይራለች፣ ከዚያ ደግሞ መልሳ ታነጥፈዋለች። አንዱዊንግ ይባላል፤ የተደረገውን በሌላ ድርጊት እንዳልተደረገ ማድረግ። ከሪአክሽን ፎርሜሽን የሚለየው በቅደም ተከተሉ ነው። በአንዱዊንግ መጀመሪያ አንድ ክፉ ድርጊት ወይም ሐሳብ በግልጽ ይታያል፣ ከዚያ የሚሽረው ይከተላል። በሪአክሽን ፎርሜሽን የመጀመሪያው ጨርሶ አይታይም፤ የምናየው ግልባጩን ብቻ ነው።

ለዚህም ፍሮይድ በ1909 የጻፈው ሌላ ታሪክ ይጠቅማል። በሐሳብ ግትርነት ይሠቃይ የነበረ አንድ ወጣት መንገድ ላይ ድንጋይ ያገኛል። የሚወዳት ሴት ሠረገላ ከጥቂት ሰዓት በኋላ በዚያ ስለሚያልፍ እንዳያደናቅፋት ብሎ ድንጋዩን ወደ ዳር ያነሣዋል። ደቂቃዎች ሳይቆዩ ሥራው ከንቱ መስሎ ይታየዋል፤ ተመልሶ ድንጋዩን ከነበረበት መንገድ መሐል ያስቀምጠዋል። ጥያቄ ላይ እንዲህ ያለ ጥንድ ድርጊት፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሲሽረው ካየን ሌላ አማራጭ ላይ መቆየት አያስፈልግም። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። በእናቲቱ ላይ የጮኸችው ነርስ ቀርባ “ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፣ በሌላ ተናድጄ ነው” ብትል ይህ አንዱዊንግ አይደለም። ጥፋትን አውቆ መካስ ነው፤ ከስሜቱ የሸሸ ነገር የለም።

ያቺው ነርስ ባልደረባዋ “ምነው እንዲህ ጮኽሽባቸው?” ስትላት፣ “አስታማሚ ካልተቆጡት አይሰማም፤ ለበሽተኛው ንጽሕና ብዬ ነው” ብትልስ? ይህ ራሽናላይዜሽን ነው፤ ሌላ ምክንያት ያለውን ድርጊት ተቀባይነት ባለው ምክንያት ማስዋብ። ቃሉን ለዚህ ትርጉም ያስተዋወቀው የፍሮይድ ተከታይ ኧርነስት ጆንስ ነው፣ በ1908። ልብ በሉ፤ አሁን በአንድ ታሪክ ውስጥ ሁለት መከላከያዎች አሉ፤ ጩኸቱ ዲስፕሌስመንት፣ ማብራሪያው ራሽናላይዜሽን። እንዲህ ሲሆን የጥያቄው የመጨረሻ መስመር ይወስናል። “ነርሷ በእናቲቱ ላይ ያሳየችው” ካለ አንዱ፣ “ለባልደረባዋ የሰጠችው መልስ” ካለ ሌላው ነው። የመጨረሻውን መስመር ከታሪኩ በፊት አንብቦ መጀመር ብዙ ስህተት ያስቀራል።

አንድ አጨራረስ ቀርቷል። ነርሷ ራውንዱ እንዳለቀ ለራሷ፣ “አሁን አሥራ ሁለት በሽተኛ ይጠብቀኛል፤ ይህን ነገር ከሥራ በኋላ አነጋግረዋለሁ” ትላለች። በሽተኞቿን ትጨርሳለች፤ ማምሻውን ቢሮው ገብታ ትነግረዋለች። ሰፕሬሽን ነው፤ አውቆ ማቆየት። ስሙ ከሪፕሬሽን ጋር ስለሚቀራረብ ብቻ በየፈተናው ተማሪ ይሰናከልበታል። በሪፕሬሽን ሰውዬው ስሜቱን ወይም ትዝታውን አያገኘውም፤ በሰፕሬሽን የት እንዳስቀመጠው ያውቃል፣ ተመልሶም ያነሣዋል። በታሪኩ ውስጥ “ወሰነች”፣ “ለጊዜው”፣ “በኋላ” የሚሉ ቃላት ካሉ ጥያቄ አውጪው ሰፕሬሽንን እያሰበ ነው።

እንዲህ ያሉ ስሞችን አንድ ላይ የሰበሰበችው የፍሮይድ ልጅ አና ፍሮይድ ናት። አባቷ የመከላከያን ሐሳብ በ1894 ቢያነሣውም ለረጅም ጊዜ ከሪፕሬሽን ጋር እያቀላቀለ ይጠቀምበት ነበር። እሷ በ1936 ባሳተመችው መጽሐፍ ዘጠኙን ዘርዝራ ሰብሊሜሽንን አሥረኛ አድርጋ አከለችበት። ከዚያ ወዲህ የመጡ ጸሐፊዎች ዝርዝሩን እያረዘሙት ሄዱ፤ ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ ያለው ዝርዝር አንድ ዓይነት ያልሆነው፣ ጎረቤቶቹም የተጠጋጉት በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ ይልቅ በደንብ ሊታይ የሚገባው ዲናያል ይመስለኛል፤ በፈተናም በሥራ ላይም ያለ ቦታው የሚገባ እሱ ነውና። የታወቀው ታሪክ ይህን ይመስላል። አንድ የ58 ዓመት ሰው የናሙናው ውጤት ካንሰር መሆኑን ሐኪሙ ቁጭ አድርጎ በግልጽ ይነግረዋል። ሰውዬው “ከሌላ ሰው ናሙና ጋር ተምታቶባችሁ ነው” ይላል። ምርመራው ተደግሞ ያው ውጤት ሲመጣም “እኔ ደህና ነኝ” ብሎ ቀጠሮውን ይተዋል። ከውጭ የመጣ፣ የተነገረውና ሊያውቀው የሚችል እውነት እንዳልነበረ ሆኗል። ዲናያል ከሪፕሬሽን የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በልጅነቷ ቤታቸው ሲቃጠል ያየች ሴት ያንን ሌሊት ጨርሳ ሳታስታውሰው የጭስ ሽታ ሲመጣ የምትርበተበት ከሆነ የተሰወረው ውስጧ ያለ ትዝታ ነው፤ ሪፕሬሽን እንላለን። ካንሰሩን የካደው ሰው ግን የተባለውን ያስታውሳል፤ ሐኪሙ ምን እንዳለው ብትጠይቁት ይነግራችኋል። እውነትነቱን ነው ያልተቀበለው።

አሁን ታሪኩን ትንሽ እንቀይረው። ሰውዬው “ትንሽ የጨጓራ ነገር ነው ያለብኝ” ይላል፤ ውጤቱን ግን ሐኪሙ የነገረው ለታላቅ ልጁ ነው፤ ልጁም አባቱ እንዳይደነግጥ ብሎ ጨጓራ ነው ብሎታል። በእኛ አገር ይህ የተለመደ ነው። ክፉ ወሬ ለቤተሰብ ይነገራል፣ በሽተኛው ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ሰው ነው። ይህ ሰው ምንም አልካደም፤ አልተነገረውም። ከጥያቄው ውስጥ “ሐኪሙ ለሰውዬው በግልጽ ነገረው” የሚለው ሐረግ ከጎደለ ዲናያል የሚለው መልስ መሠረት የለውም።

አሁንም እንቀይረው። ሰውዬው ካንሰር መሆኑን ሰምቷል፣ አምኗል፣ አልቅሷል፤ ነገር ግን “መጀመሪያ ጠበል ልግባ፣ ከዚያ እመለሳለሁ” ይላል። ለፈተና የሚዘጋጁ ልጆች ይህንንም ዲናያል ውስጥ ሲያስገቡት አይቻለሁ፤ በጣም አጥብቄ የምቃወመው ነገር ነው። ጠበል የሚሄድ ሰው በሽታውን ባያምን ኖሮ ለምን ይሄዳል? የተለየው የሚተማመንበት ሕክምና ነው። ሕክምናው ከዘገየ አደጋ አለውና ሐኪሙ ሁለቱን አብሮ ማስኬድ እንደሚቻል ሊነጋገረው ይገባል፤ ያ ንግግር ግን “እውነቱን መቀበል አቅቶሃል” ብሎ ከጀመረ ገና ከመነሻው ተበላሽቷል። የምንማርባቸው መጻሕፍት ምሳሌዎች የተጻፉት በአብዛኛው ለአሜሪካ ተማሪዎች ነው። እዚያ በሐኪም ፊት የቀረበ እምቢታ አንድ ትርጉም ይኖረዋል፤ እዚህ ሌላ።

ሌላም አለ። በቀኝ የአንጎል ክፍል ስትሮክ የደረሰበት ሰው ግራ እጁ ሽባ ሆኖ ሳለ “እጄ ደህና ነው፣ ማንሣት ስላልፈለግሁ ነው” ሊል ይችላል። ቃሉ የካንሰሩን ሰው ይመስላል፤ መንሥኤው ግን የአንጎል ጉዳት ነው፣ አእምሮው ከሕመም ለመሸሽ የፈጠረው መከላከያ አይደለም። ጥያቄው ውስጥ ስትሮክ፣ በድንገት የመጣ የግማሽ አካል መድከም ወይም የአንጎል ምስል ከተጠቀሰ መከላከያዎቹን ትቶ ወደ ነርቭ ሕክምና መመልከት ነው።

ሁለተኛው አስቸጋሪ ሠፈር ስሜትና ሐሳብ የሚለያዩበት ነው። የመኪና አደጋ ላይ ወንድሙን ያጣ ሰው አስቡ። ከሦስት ወር በኋላ ሐኪም ፊት ተቀምጦ አደጋውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርካል፤ መኪናው የት እንደተገለበጠ፣ ወንድሙ ምን ብሎ እንደተጣራ፣ ስንት ሰዓት እንደነበር። ድምፁ አይለወጥም፤ የአየር ሁኔታ የሚያወራ ይመስላል። ትዝታው ሙሉ ነው፤ ስሜቱ ብቻ የለም። የዚህ ስም አይሶሌሽን ነው፤ ስሜትን ከሐሳቡ መነጠል። ሰውዬው ስለ ወንድሙ ሲጠየቅ ስለ መኪናው የፍሬን አሠራር፣ ስለ መንገዱ ቁልቁለት፣ በአገሪቱ ስላለው የትራፊክ አደጋ ምክንያቶች ረጅም ትንተና የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ኢንተለክችዋላይዜሽን ይባላል፤ ሐዘኑ በእውቀት ተሸፍኗል። እንደገና፣ “ሹፌሩን ፍጠን ያልኩት ወንድሜ ለቀጠሮው እንዳይዘገይ ብዬ እንጂ…” እያለ ራሱን የሚከላከል ከሆነ ራሽናላይዜሽን ነው።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በፈተና ላይ ወንድማማች መስለው ይቀርባሉ፤ ሁለቱም ብዙ ያወራሉ፣ ሁለቱም ምክንያታዊ ይመስላሉ። ንግግሩ ለማን ጥብቅና እንደሚቆም መመልከት ይለያቸዋል። ራሽናላይዜሽን ሁልጊዜ የተናጋሪውን ድርጊት ወይም ውድቀት ነው የሚያጸድቀው፤ “ለምን አደረግሁ” ለሚለው መልስ ነው። ኢንተለክችዋላይዜሽን ማንንም አያጸድቅም፤ ስለ ጉዳዩ በጥቅሉ እያወራ ከሕመሙ ይርቃል። በዚህ ዓይነት ጥያቄ ላይ የሕክምና ባለሙያ የሆነ አባት ወይም እናት በብዛት ይመጣሉ፤ ልጃቸው የደም ካንሰር ተገኝቶበት ስለ አዳዲስ ጥናቶች ብቻ የሚያወሩ። መልሱ ኢንተለክችዋላይዜሽን ነው፤ ስሜታቸው እንዳልታየ የሚገልጽ መስመር ግን መኖር አለበት። እያለቀሰ የሚያነብ አባት ልጁን ለማዳን የሚጥር አባት ነው።

ስፕሊቲንግ ከእነዚህ ሁሉ ይቀላል። በሽተኛዋ የቀኑን ነርስ “አንቺ ብቻ ነሽ ሰው፣ የሌሊቶቹ አውሬ ናቸው” ትላለች፤ በሳምንቱ ያቺው ነርስ የዕረፍት ወረቀት ስትከለክላት ከአውሬዎቹ ጋር ትደመራለች። ሰው ሁሉ ፍጹም ደግ ወይም ፍጹም ክፉ፣ መሐል የለም። ታሪኩ ላይ የቦርደርላይን ስብዕና ምልክቶች፣ ራስን መቁረጥ ወይም የሚዋዥቅ ወዳጅነት አብረው ከተጠቀሱ መልሱ ብዙም አያከራክርም።

አንዳንድ ፈተና ስሙን አይጠይቅም፤ “ከእነዚህ ውስጥ የበሰለው የትኛው ነው?” ይላል። ይህ አከፋፈል በዋናነት የጆርጅ ቫያንት ሥራ ነው። ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ1938 የጀመረውና 268 ወንድ ተማሪዎችን እስከ ዕድሜ ዘመናቸው የተከታተለ ጥናት ነበር፤ ቫያንት የእነዚያን ሰዎች መዝገብ መርምሮ በ1977 ባወጣው መጽሐፍ መከላከያዎችን ከታች ወደ ላይ በአራት ደረጃ አስቀመጠ። ከላይኛው ደረጃ ሰብሊሜሽን፣ ሰፕሬሽን፣ ለሌላው መትረፍ፣ ቀልድና ለሚመጣው አስቀድሞ መዘጋጀት ይገኛሉ። የኛ ነርስ ከሥራ በኋላ ኃላፊዋን ማነጋገሯ በዚህ ሚዛን ከሁሉም አጨራረሶቿ ይበልጣል፤ በእናቲቱ ላይ መጮኋ ደግሞ ከሱ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ኒውሮቲክ የሚባለው ውስጥ ይገባል፤ ፕሮጀክሽኑ ከዚያም በታች ነው። የተጠኑት ግን ሁሉም ወንዶች፣ ሁሉም የአንድ ታዋቂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንደነበሩ ማስታወስ ያሻል። አንድ ምላሽ የበሰሉ ከሚባሉት ውስጥ መግባቱ ሰውዬው ያለበት ሁኔታ በሚፈቅድለት ነገርም ይወሰናል፤ ኃላፊዋ ቢሮ ገብታ መናገር የምትችል ነርስ ሁሉም ቦታ የለችም።

ይህ ሁሉ ለፈተና ነው። በሥራ ላይ የአራት መስመር ታሪክ አይበቃም። በካናዳ የሚሠራው ክሪስቶፈር ፔሪ መከላከያዎችን ለመለካት ባዘጋጀው መለኪያ የሠለጠኑ ሰዎች የተቀዳ ሙሉ ቃለ መጠይቅ መስመር በመስመር ያነባሉ፤ እንዲያም ሆኖ ሁለት አንባቢዎች ሊለያዩ ይችላሉ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያም እ.ኤ.አ. በ1994 ዕትሙ የመከላከያዎች ሚዛንን በአባሪ አስገብቶት ነበር፤ በ2013 ዕትሙ አስቀረው። ስለዚህ ነርስም ሆነ ሐኪም ካርድ ላይ “በሽተኛው ዲናያል አለበት” ከሚል ያየውንና የሰማውን ቢጽፍ ይሻላል፦ ውጤቱ እንደተነገረው፣ በምን ቃል እንደመለሰ፣ ቀጠሮው ላይ እንዳልመጣ። ቀጥሎ የሚያነበው ባለሙያ ከዚያ ተነሥቶ ማሰብ ይችላል፤ ከስሙ ግን የትም መድረስ አይችልም።

ጥያቄ ለሚያወጡ መምህራንም የምለው አለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ስለሚወስዱ ለልምምድ የሚወጡ ጥያቄዎች በዝተዋል፣ ሁሉም በጥንቃቄ የተጻፉ አይደሉም። ለምሳሌ እንዲህ የሚል ጥያቄ ሊገጥም ይችላል፦ “አንዲት የ40 ዓመት ሴት ባሏ ከሞተ ሁለት ወር ሆኖታል፤ አታለቅስም። የትኛውን መከላከያ እየተጠቀመች ነው?” ተማሪው የሚመልሰው የለውም፤ አለማልቀስ ባሕርይ ነው፣ ስሜቱ የት እንደገባ አልተነገረንም። “ባሏ ሥራ ቆይቶ ነው እያለች ማታ ማታ እራቱን ታስቀምጣለች፤ ሞቷል ሲሏት ትቆጣለች” ቢል ዲናያል ይሆናል። “የሞተበትን ቀን በዝርዝር ትተርካለች፤ ምን ይሰማሻል ስትባል ምንም ትላለች” ቢል አይሶሌሽን ነው። “በልጆቹ ፊት አላለቅስም ብዬ ነው፤ ሲተኙ ይወጣልኛል” ካለች ሰፕሬሽን። ወይም ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ለቅሶ ቤት ከሰው ጋር አልቅሳ፣ ሙሾ ተወርዶ፣ አርባውን አውጥታ እንባዋ የደረቀ ሴት ልትሆን ትችላለች፤ ያን ጊዜ በዝርዝሩ ላይ ለእሷ የሚሆን ስም የለም፣ ጥያቄውም ለአውጪው ሊመለስ ይገባል።